አዲስ የካርታ ጨዋታ ስትፈጥሩ ዕድሉን የት ታስቀምጡታላችሁ?

አዲስ የካርታ ጨዋታ ለመፍጠር የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው "ምን ያህል ዕድል፣ ምን ያህል ችሎታ ይኑረው?" ብሎ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ሌላ ይመስለኛል። ካርታ ተበውዞ እስከታደለ ድረስ ዕድል የማይቀር ነገር ነው። መምረጥ የምንችለው ዕድሉ የሚመጣበትን ሰዓት ነው፤ ተጫዋቹ ከመወሰኑ በፊት ወይስ ከወሰነ በኋላ? የካርታው ብዛትም፣ የተራው ርዝመትም፣ ሙከራውም ከዚህ ምርጫ ተከትለው ነው የሚመጡት።

በደፈናው ከማውራት አንድ ትንሽ ጨዋታ ይዘን አማራጮቹን እሱ ላይ እንያቸው። ጨዋታውን "ጣሪያ" እንበለው። ለሦስት ሰው ነው። ለመሥራት ምንም ማሳተም አያስፈልግም። ከተራ ካርታ ላይ ጆከሩን፣ አሥሩንና ባለ ሥዕሎቹን አውጡ። ከአስ እስከ ዘጠኝ፣ በአራት ዓይነት፣ 36 ካርታ ይቀራችኋል። አስ እንደ 1 ይቆጠራል።

ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ካርታ ይታደላል። የቀረው ተገልብጦ መሃል ይቀመጣል። ተራው የደረሰው ሰው አንድ ካርታ ገልጦ ክምሩ ላይ ይጥላል፣ ድምሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ከዚያ አንድ ካርታ ስቦ እጁን ወደ ሦስት ይመልሳል። ድምሩን ከ25 ያሳለፈ ሰው ክምሩን በሙሉ ያነሳል። እያንዳንዱ ያነሳው ካርታ አንድ የቅጣት ነጥብ ነው። ድምሩ ወደ ዜሮ ይመለስና ቀጣዩ ሰው ይጀምራል። የሚሳበው ሲያልቅ በእጅ ያለው እስኪያልቅ ይጫወታሉ። ትንሽ ቅጣት ያለው ያሸንፋል።

በቃ ይኸው ነው። አሁን ወደ ምርጫዎቹ።

ዕድሉ ከውሳኔ በፊት ወይስ በኋላ?

ከላይ ባለው ሕግ ዕድሉ የሚመጣው ከውሳኔ በፊት ነው። ካርታው እጅህ ላይ ገብቷል፣ ድምሩን ታያለህ፣ ከዚያ ትመርጣለህ። ምን እንደሚሆን ካርታውን ከመጣልህ በፊት ታውቃለህ።

አንዲት ሕግ ብቻ ጨምረን ዕድሉን ወደ ኋላ ማዞር እንችላለን። ተጫዋቹ ካርታውን ከጣለ በኋላ፣ ከተገለበጠው ካርታ የላይኛውን ገልጦ እሱንም ድምሩ ላይ ይጨምር እንበል። ድምሩ 16 ላይ ነበር፣ አንተ 3 ጥለህ 19 አደረስከው። አሁን የምትገልጠው ካርታ 7፣ 8 ወይም 9 ከሆነ አለፍክ። ሌላ መረጃ ከሌለህ ይህ የሚሆንበት ዕድል ከሦስት አንድ ነው፤ ከ36ቱ 12ቱ እነዚህ ናቸውና። ውሳኔህ ልክ ነበር፣ ግን ተቀጣህ።

ሁለቱም ጨዋታ ይወጣቸዋል፤ ስሜታቸው ግን ለየቅል ነው። ዕድሉ በኋላ ሲመጣ ጩኸትና ሳቅ ይበዛል፣ ጀማሪውም የለመደውን በቀላሉ ያሸንፋል። ዕድሜያቸው የተራራቀ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ለሚጫወቱት ጨዋታ ይሄ ይሻላል። ችግሩ፣ ተጫዋቾቹ ከጥቂት ዙር በኋላ "ብናስብም ባናስብም ያው ነው" ማለት ይጀምራሉ። ዕድሉ በፊት ሲመጣ ደግሞ የተሸነፈ ሰው "ያንን 4 ባልጥል ኖሮ" ብሎ ይቆጫል። ሰው "ድገም፣ ካርታውን በውዝ" የሚለው ይሄ ቁጭት ሲይዘው ነው። ተመሳሳይ ሰዎች ደጋግመው እንዲጫወቱት ከፈለጋችሁ ይህን ምረጡ። እኔም ከዚህ በታች የምቀጥለው በእሱ ነው።

እጅ ላይ ስንት ካርታ?

ብዙ ፈጣሪዎች የካርታውን ጠቅላላ ብዛት ሲጨነቁበት የእጁን መጠን በዘፈቀደ ይወስናሉ። ዕድልና ችሎታን በብዛት የሚያመዛዝነው ግን እጅ ላይ ያለው ካርታ ነው።

ድምሩ 20 ላይ ደርሷል እንበል። ላለማለፍ ከ1 እስከ 5 ካለው አንዱ ያስፈልግሃል። ከ36ቱ 16ቱ ካርታዎች ከ6 እስከ 9 ናቸው፣ ማለትም ያሳልፉሃል። ገና በደንብ ከተበወዘ ካርታ የወጣ እጅ ቢሆን፣ አንዲት ካርታ ብቻ የያዘ ሰው መውጫ የማያገኘው በ44 በመቶ ነው። ሁለት ከያዘ ወደ 19 በመቶ ይወርዳል። ሦስት ከያዘ 8 በመቶ፣ አምስት ከያዘ ደግሞ 1 በመቶ አካባቢ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ቀስ ብላችሁ እዩአቸው። በአንድ ካርታ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ ጨዋታው ዳይስ ከመጣል አይለይም። በአምስት ካርታ ደግሞ 20 ላይ ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል መውጫ አለው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ የሚያዝ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ጨዋታውም ይቀዘቅዛል። በተግባር ደግሞ እጅ እንዲሁ በዘፈቀደ የወጣ አይደለም። ተጫዋቹ ትንንሾቹን ቆጥቦ ስለሚይዝ፣ መያዝ ከዚህም ያነሰ ይሆናል። ለዚህ ነው ሦስት የመረጥኩት። አደጋው አለ፣ ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰው ያመልጣል።

የራሳችሁ ጨዋታ ሕጉ ሌላ ቢሆንም ጥያቄው አንድ ነው። በጨዋታው አስጨናቂ ቦታ ላይ የሚያድን ካርታ ስንት ነው፣ እጅ ላይ የመገኘቱ ዕድልስ? መልሱ ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ተጫዋቹ ምንም ቢያደርግ አይድንም፤ ከ95 በላይ ከሆነ ደግሞ አስጨናቂው ቦታ አያስጨንቅም። ይህ ድንበር የኔ ግምት ነው፤ ግን ለመነሻ ይሆናል።

ምርጫው እውነተኛ ነው ወይስ የይስሙላ?

አሁን ጣሪያን ከነጉድለቱ እንየው። ሦስት ካርታ እጅ ላይ አለ፣ ስለዚህ ምርጫ ያለ ይመስላል። ግን አንድ ሰው "ሁልጊዜ ሳያሳልፈኝ የሚገባውን ትልቁን ካርታ እጥላለሁ" ብሎ ቢወስንስ? ትንንሾቹን ለክፉ ቀን ያስቀራል፣ ለቀጣዩ ሰው ደግሞ ከፍ ያለ ድምር ጥሎለት ይሄዳል። ሁለቱም ይጠቅሙታል። ማሰብ ሳያስፈልገው ብዙ ጊዜ ትክክል ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ አንድ መስመር ዘዴ ጨዋታውን ከጨረሰው፣ ችሎታ የሚባለው ነገር ከአንድ ዙር በኋላ ያበቃል።

መድኃኒቱ፣ ትልቁን ካርታ መጣል አንዳንዴ የሚያስከፍልበት ምክንያት መፍጠር ነው። ይህችን ሕግ ጨምሩ፦ ድምሩን ልክ 25 ላይ ያደረሰ ሰው ክምሩን ከእሱ በፊት ለጣለው ሰው ያሸክመዋል።

አንድ ተራ በቅርብ እንይ። መሬት ላይ አንድ 8 ብቻ አለ። እጅህ ላይ 9፣ 7 እና 2 ይዘሃል። የድሮው ዘዴ "9ኙን ጣል" ይላል። ከጣልከው ድምሩ 17 ይሆናል፤ ቀጣዩ ሰው 8 ካለው ሦስቱንም ካርታ ላንተ ያሸክምሃል። ካላየሃቸው 32 ካርታዎች ውስጥ ሦስት 8 አሉ፤ ሦስት ካርታ የያዘው ጎረቤትህ ቢያንስ አንዱን የመያዙ ዕድል 26 በመቶ ገደማ ነው። 7ቱን ብትጥል ግን ድምሩ 15 ይሆናል። ከ15 ተነስቶ በአንድ ካርታ 25 መድረስ አይቻልም፤ ትልቁ 9 ነውና። ስለዚህ ለጊዜው ሰላም ነህ። ዋጋው፣ 9ኙ እጅህ ላይ ይቀራል፤ ድምሩ ከፍ ሲል ደግሞ 9 ሸክም ነው። ያም ሆኖ ድምሩ 16 ላይ ከደረሰልህ እሱ ራሱ መሣሪያ ይሆናል። 2ቱን መጣልም ይቻላል፣ ግን ማምለጫህን ገና በጠዋቱ አባከንክ።

ይሄ እውነተኛ ምርጫ ነው። መልሱ ደግሞ እንደ ሁኔታው ይለወጣል። አራቱም 8 ቀድመው ወጥተው ከነበረ 17 ላይ የሚመታህ የለም፤ 9ኙን ያለ ስጋት ትገላገለዋለህ። የወጣውን ያስታወሰ ሰው ካላስታወሰው ይበልጣል። ችሎታ የገባው በዚህች በር ነው፤ ዕድሉን አልቀነስንም።

ክምሩን "ለፈለገው ሰው ያሸክም" ብንልስ? ይህኛው በወሬ ደረጃ የበለጠ ያዝናናል። ነገር ግን ሦስት ሰው ባለበት ጨዋታ ሁለቱ ተባብረው አንዱን ያጠቃሉ፣ ወይም የማሸነፍ ተስፋ የሌለው ሰው አሸናፊውን ይመርጣል። "ከፊቱ ለጣለው" ሲሆን ቅጣቱ የሚደርሰው በሩን ከፍቶ ለተወው ሰው ነው። ማንም "ለምን እኔን?" ብሎ አይጣላም።

18፣ 36 ወይስ 54?

የካርታ ብዛት ሕግ የለውም። ላቭ ሌተር የተባለው የካርታ ጨዋታ መጀመሪያ ሲወጣ 16 ካርታ ብቻ ነበረው፣ የተለመደው ኡኖ ደግሞ ለብዙ ዓመታት 108 ነበረው፤ ሁለቱም ተወደዋል። ስለዚህ ብዛቱን ከሕጉ ጋር አያይዘን እንምረጥ።

ከ1 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች እንዳሉ ይዘን የቅጂውን ቁጥር ብቻ እንለውጥ። ሁለት ሁለት ካደረግናቸው 18 ካርታ፣ አራት አራት ካደረግናቸው 36፣ ስድስት ስድስት ካደረግናቸው 54 ይሆናል። ብዙ ሰው ካርታ ሲበዛ ዕድል የሚበዛ ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ያንኑ ተራ በ18 ብናሰላው ጎረቤት 8 የመያዙ ዕድል 21 በመቶ ነው፣ በ54 ደግሞ 28። ተቀራራቢ ናቸው።

ልዩነቱ የሚወጣው መሃል ላይ ነው። በ18 ካርታ አንዱ 8 መሬት ላይ ሌላው እጅህ ላይ ካለ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ በርግጠኝነት ታውቃለህ። ይህ መረጃ ቶሎ ስለሚመጣ ጥሩ ትውስታ ያለው ሰው ጨዋታውን ይቆጣጠረዋል። ሌሎቹም ይህን ሲያዩ መቁጠር ይጀምራሉ፣ ተራውም ይጓተታል። በ54 ደግሞ ስድስቱንም 8 ለማየት ካርታው ሊያልቅ ምንም አይቀረውም። ሰው መቁጠሩ ስለማያዋጣው ይተወዋል፣ ጨዋታው ወደ ስሜት ያደላል። 36 መሃል ላይ ነው፤ ዙሩ ሲጋመስ "8 አልቋል መሰለኝ" ማለት ይጀመራል። "መሰለኝ" የምትለዋ ቃል ጠረጴዛው ላይ ከተሰማች ብዛቱ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለ36 ሌላም ምክንያት አለኝ። ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአራትም ሰው ያለ ቀሪ ይካፈላል። ለሦስት ሰው እያንዳንዱ 12 ተራ ይደርሰዋል። ሙሉውን 52 ብታስገቡ አንዱ ሰው 18 ተራ፣ ሌሎቹ 17 ይደርሳቸዋል። ቅጣት የሚያስከትል ተራ ለአንድ ሰው ሲበዛበት ፍትሐዊ አይሆንም።

አጭር ተራ ወይስ የሚታሰብበት?

በጣሪያ እያንዳንዱ ተራ አንድ ካርታ ስለሚጨርስ፣ የካርታው ብዛትና የተራው ብዛት እኩል ነው። ተራ በአማካይ 15 ሴኮንድ ከፈጀ 36 ካርታ 9 ደቂቃ ይወስዳል፣ 54 ደግሞ 13 ደቂቃ ተኩል። ተራው 40 ሴኮንድ ከሆነ ያው 36 ካርታ 24 ደቂቃ ይሆናል። ሰውን የሚያሰለቸው ግን ከጠቅላላው ሰዓት ይልቅ የራሱን ተራ ሲጠብቅ የሚያጠፋው ነው። በአራት ሰው፣ በ40 ሴኮንድ ተራ፣ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለ። በዚያ መሃል ስልክ ይወጣል።

ሁለት አማራጮችን እናነጻጽር። አንደኛው ካርታን ሳያዩ መሳብ ነው። ሁለተኛው ከተገለጡ ሁለት ካርታዎች አንዱን መርጦ መሳብ። ሁለተኛው ችሎታን ይጨምራል፤ ጎረቤቴ ምን እንደወሰደም አያለሁ። ግን በአንድ ተራ ሁለት ውሳኔ ይሆናል፣ ጊዜውም በዚያው ልክ ይረዝማል። ለሁለት ሰው ጥሩ ነው፤ ለሦስትና ለአራት ሰው ባይገባ እመርጣለሁ።

ጊዜ የሚቆጥብ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ መሳቡን ከመጣል በኋላ ማድረግ። በተራው መጀመሪያ የሚስብ ሰው አዲሱን ካርታ አይቶ፣ እጁን አስተካክሎ፣ እንደገና ማሰብ አለበት። ሌላው ሁሉ ይጠብቀዋል። በተራው መጨረሻ ከሳበ ግን ሌሎቹ ሲጫወቱ እሱ ያስባል። አንድም ሕግ ሳትቀንሱ ተራው ያጥራል። ሰዓት መቁጠሪያ ማስገባት ግን አልወደውም። ተራ የሚንዛዛው ውሳኔው ስለተወሳሰበ ከሆነ ሰዓቱ ውሳኔውን አያቀለውም፤ ተጫዋቹን ብቻ ያጣድፈዋል።

በምን ዓይነት ሙከራ ምን ይታወቃል?

ሦስት ዓይነት ሙከራ አለ፣ ሦስቱም የሚነግሯችሁ የተለያየ ነገር ነው።

ብቻችሁን ሦስቱንም እጅ ይዛችሁ ስትጫወቱ ጨዋታው የሚያልቅ መሆኑን፣ ክምሩ የሚያድገው እስከ የት እንደሆነ ታያላችሁ። በጣሪያ የካርታዎቹ ጠቅላላ ድምር 180 ነው። ስለዚህ በአንድ ዙር ስድስት ሰባት ክምር ይነሳል ብላችሁ ጠብቁ። ሦስት ብቻ ከተነሳ የሆነ ሕግ በስህተት እየተጫወታችሁ ነው። ችሎታን ግን እንዲህ መለካት አይቻልም፤ የሁሉንም እጅ ታውቃላችሁና።

ሁለተኛው ከምታውቋቸው ሰዎች ጋር ነው። እዚህ ላይ "ወደዳችሁት?" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ወዳጅ ነው፣ አዎ ይላል። ይልቅ አንድ ሰው ካርታ ከጣለ በኋላ "ሌላ ልትጥል አስበህ ነበር?" በሉት። ደጋግሞ "ኧረ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም" ካለ እጁ ትንሽ ነው፣ ወይም አንድ ዘዴ ሁሉንም እየበላ ነው። ይህን ለማጣራት ከሦስቱ አንዱን "ሁልጊዜ የሚገባውን ትልቁን ካርታ ብቻ ጣል" ብላችሁ እንደ ማሽን አጫውቱት። ሌሎቹ እያሰቡ ይጫወቱ። ማሽኑ ከሚያስቡት እኩል የሚያሸንፍ ከሆነ ማሰቡ ትርፍ የለውም።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሦስት ሰው ጨዋታ ማሽኑ በዕድል ብቻ ከ30 ዙር 10 ያህሉን ያሸንፋል። በዕድል መዋዠቅ ምክንያት 8 ወይም 12 ቢሆን ምንም አይነግራችሁም። 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ማሰብ እየጠቀመ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ከአምስት ስድስት ዙር ተነስቶ "ሚዛኑ ተስተካከለ" ማለት ራስን ማታለል ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። ከማሽኑ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ 25ን ልክ የመምታት ዕድል ያገኛል፣ ማሽኑ በሩን እየከፈተለት ስለሚሄድ። ስለዚህ ማሽኑ በየዙሩ ቦታ ይቀያይር፤ አለበለዚያ የለካችሁት ወንበሩን ነው።

መበወዙንም አትናቁ። በ1992 የሒሳብ ሊቃውንቱ ዴቭ ቤየርና ፐርሲ ዳያኮኒስ ባሳተሙት ጥናት፣ 52 ካርታ ለሁለት ከፍሎ እያሰባጠሩ ሲበውዙት በደንብ እንዲደባለቅ ሰባት ጊዜ ያህል እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል። ሁለት ሦስቴ ብቻ በውዛችሁ ካደላችሁ ያለፈው ዙር ክምር ተጣብቆ ይመጣል፤ እናንተም ጥፋቱን በሕጉ ታሳብባላችሁ። ሕግ ስትቀይሩም በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ቀይሩ። እጁንም ጣሪያውንም አብራችሁ ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

ሦስተኛው ሙከራ ሕጉን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ጨዋታውን አይተው ለማያውቁ ሰዎች ሰጥቶ ዝም ማለት ነው። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ። ሲሳሳቱ አታርሙ፤ የተሳሳቱበትን ዓረፍተ ነገር ግን ጻፉት። በጣሪያ ሕግ ላይ ሦስት ጥያቄ እንደሚነሳ ከወዲሁ መናገር እችላለሁ። ያሳለፈችው ካርታ ራሷ በቅጣቱ ትቆጠራለች ወይ? ሁሉም ካርታዬ የሚያሳልፈኝ ከሆነ የግድ መጣል አለብኝ ወይ? በመጨረሻ መሬት ላይ የቀረው ክምር የማን ነው? የኔ መልስ፦ ትቆጠራለች፣ የግድ ነው፣ የማንም አይደለም። ከላይ ሕጉን ስዘረዝር እነዚህን ሦስቱን አልጻፍኳቸውም። እናንተ ገጹን ስታዘጋጁ ጻፏቸውና ሌላ ምን ጥያቄ እንደሚወጣ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ።